የቅዳሜው ሦስት መቶ ብር

ግንቦት አጋማሽ ላይ በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ እናቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኘው ቀበሌያቸው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ፊት ቆመው ለማዳበሪያ ያጠራቀሙትን ብር ሲያስቆጥሩ ስምንት መቶ ሰማንያ ብር ጎደለባቸው። የጎደለውን ታናሽ ወንድሜ ከኪሱ አውጥቶ ሞላው። ማዳበሪያው በጋሪ ተጭኖ ወደ ቤት ሄደ።

እኔ በዚያ ሰዓት ፍኖተ ሰላም ነበርኩ። የሆነውን ከእናቴም ከማኅበሩ ገንዘብ ያዥም ለየብቻ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ብዙ ዓመት በጋዜጠኝነት ስለሠራሁ ከአንድ ሰው ብቻ የሰማሁትን አልጽፍም፤ የገዛ ቤተሰቤን ጉዳይም ቢሆን።

እናቴ የደወሉልኝ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሰላምታውን አላስረዘሙትም።

«ያንተ ብር ጎደለ።»

«እንዴት ይጎድላል እማ? ሙሉውን ልኬያለሁ እኮ።»

«ትልከዋለህ። መምጣቱንማ ይመጣል። ግን ሁልጊዜ ተሸርፎ ነው የሚመጣ። የወንድምህ ሙሉ ነው። ይኼው ዛሬም እሱ ባይኖር እዚያ ሰው ፊት ቆሜ እቀር ነበር።»

እሳቸው አልጨረሱም።

«ከእንግዲህ በስልክ አትላክ። ለወንድምህ ስጠው፣ እሱ ያምጣልኝ። ከእሱ እጅ ስቀበል አይጎድልብኝም።»

ይህች የመጨረሻዋ ንግግር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ። ስምንት መቶ ሰማንያ ብር አልነበረም ያሳሰበኝ። የእኔ ብር በወንድሜ እጅ አልፎ፣ በወንድሜ ኪስ ሞቆ፣ ከወንድሜ መዳፍ ወደ እናቴ መዳፍ ሊገባ ነው። እናቴ ደግሞ ሲቀበሉ የሚመርቁት ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው ነው። ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ወደ ኋላ ልመለስና ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ላስረዳ። አባታችን ካረፉ ወዲህ የእናቴን መሬት የሚያርሰው የእኩል አራሽ ነው። ማዳበሪያ ማቅረብ የእናቴ ድርሻ ነው። ያለፈው ዓመት ማዳበሪያ ሙሉ ወጪውን የሸፈነው ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ቡሬ ውስጥ የበቆሎ ነጋዴ ነው፤ መጋዘን አለው፣ ሞተር ብስክሌት አለው፣ ሳቅ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእናታችን ቀበሌ በምትቆም ትንሽ ገበያ በቆሎ ይገዛል። ገበያው ሲበተን እናታችን ቤት ጎራ ብሎ ምሳ ይበላል። የዚያን ዓመት በቆሎ ሰኔ ላይ በቅሎ ሲታይ፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እናቴ ለጎረቤቶቻቸው «መሬቴን ያበላልኝ ትንሹ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ነጠላቸውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት የሚመጣው ዓመት ማዳበሪያ የእኔ እንደሆነ አስታወቅሁ።

ደመወዝ የሚገባልኝ በወር አንዴ ነው። በወር አንዴ መላክ እችል ነበር። ግን ወንድሜ በየቅዳሜው እየሄደ እኔ በወር አንዴ ብቻ ልታሰብ? ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱ ገበያው ላይ ሚዛኑን ሲሰቅል፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብዬ ከባንክ ሂሳቤ ሦስት መቶ ብር ወደ ስልክ ቦርሳዬ አወርዳለሁ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ስልክ እልካለሁ። ዳታ ብዙ ጊዜ ስለማይኖር በኮከብና በመሰላል ነው የምሠራው፤ ቁጥሩን እየነካሁ፣ ምርጫዎቹን እያለፍኩ፣ የሚስጥር ቁጥሬን አስገብቼ። የእናቴ ስልክ ትጮኻለች። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ «ከማን ነው?» ይላሉ፤ አጠገባቸው ያለ ሰው ስሜን ያነባል። አጠገባቸው ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ወንድሜ ነበር። ይህንንም አልጠላሁትም። በየቅዳሜው ስሜን በገዛ አፉ ለእናታችን ያነብ ነበር።

ብሩን ከስልክ ወደ እጅ የሚቀይርላቸው ገበያው ዳር ሱቅ ያለው ወኪል ነው። ሳሙና፣ ባትሪ፣ የኩራዝ ክር ይሸጣል፤ ከዚያ ጎን ለጎን የስልክ ገንዘብ ይከፍላል። እናቴ ያወጡትን ብር ሳይነኩ ሳጥናቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ። የማዳበሪያው ዋጋ በታወቀ ጊዜ ማኅበሩ ጋ ደውዬ ጠየቅሁ፤ የእናቴ ድርሻ አሥራ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነበር። ስንት ቅዳሜ እንደቀረኝ አስልቼ ልክ እዚያ ላይ አደረስኩት። የስልክ መረብ የጠፋባቸውን ቅዳሜዎች ትቼ አርባ አራት ጊዜ ልኬያለሁ። አርባ አራት ሦስት መቶ፣ አሥራ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ነው። አንድ ብር አልበለጠም፣ አንድ ብር አልጎደለም። በዚህ ስሌቴ ኮርቼ ነበር።

ያቺ የጉድለት ቅዳሜ ባለፈች ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ለወንድሜ ስምንት መቶ ሰማንያ ብር በስልክ ላክሁ። ሰዓት ሳይሞላ ደወለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትናንት የሞላኸው ነው።»

«ለእናቴ የሰጠሁትን ብር አንተ ለምን ትመልስልኛለህ?»

«ማዳበሪያው የእኔ ነው ብዬ ነበር።»

«ማዳበሪያው የእማ ነው» አለና ዘጋው።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ስምንት መቶ ሰማንያውን መልሶታል። እኔም መለስኩለት። እሱም መለሰልኝ። ማምሻው ላይ እናታችን ደወሉ፤ አንደኛችን ነግሯቸዋል፤ እኔ አልነገርኳቸውም።

«ገና እየተጫወታችሁ ነው አሉ። በግንቦት።»

«እሱ እንቢ አለ እማ።»

«አንተስ እሺ ብለሃል? ብሩ ያለበት ይቀመጥ።»

ብሩ ያለበት ማለት እኔ ጋ ነበር። እንግዲህ በእናቴ ማሳ ላይ ከሚበተነው ማዳበሪያ ከአሥራ አምስት እጅ አንዱ የወንድሜ ሆነ ማለት ነው። ይህንን ያሰላሁት ስልኩን ሳልዘጋው ነው።

ከዚያ በኋላ ቀሪ ሂሳቤን ለማየት መልእክቶቹን ስከፍት ነው ዓይኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ያረፈው። ዓመቱን ሙሉ የማነበው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ብር ለእገሌ ልከዋል የሚለውን። ከታች የአገልግሎት ክፍያ የሚል አለ፤ ከሱ ሥር ታክሱ። ስምንት መቶ ሰማንያዋ ብር አንድ ጊዜ ስትሄድ ታክሱን ጨምሮ አምስት ብር ትበላለች። እኔ ሁለት ጊዜ ልኬ አሥር ብር ከፍያለሁ፤ ወንድሜም ሁለት ጊዜ መልሶ አሥር ብር ከፍሏል። ብሩ የትም አልሄደም፤ ሃያ ብር ግን ሄዷል።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ወደ ኋላ እየተመለስኩ የቅዳሜዎቹን መልእክቶች በሙሉ አነበብኩ። ከባንክ ወደ ስልክ ሳወርድ በየጊዜው አምስት ብር ተቆርጦብኛል፤ ወደ እናቴ ስልክ ስልከው ደግሞ ሦስት ብር። ስምንት ብር። ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ብር ምንም አይደለም፤ የአንድ ሻይ ዋጋም አትሞላም። በአርባ አራት ስትባዛ ግን ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ብር ትሆናለች። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከነትራፊው። እናቴ ስለዚህ ብር አያውቁም፤ አልተመረቅሁበትም።

ቢሆንም ይህ ጉድለቱን አያስረዳም። እኔ የከፈልኩት ክፍያ ከሦስት መቶው ላይ አልተነሣም፤ ከእኔው ላይ ተጨምሮ ነው የተቆረጠው። ሦስት መቶው ሦስት መቶ ሆኖ እናቴ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ስምንት መቶ ሰማንያው የጠፋው በእናቴ ስልክና በእናቴ ሳጥን መካከል ነው። በስልኩና በሳጥኑ መካከል ቆሞ፣ በየቅዳሜው ስልኩን ተቀብሎ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያስገባላቸው ደግሞ ወንድሜ ነበር።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አልደብቅም። ደስ አለኝ ብል ይቀርበዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማልጄ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። እናቴን በባጃጅ ይዟቸው የመጣው ወንድሜ ነው። መታወቂያቸውን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸው ነበር፤ የስልካቸው መልእክት ሳጥን ሞልቶ አሮጌዎቹ ስለተሰረዙ የዓመቱን ዝርዝር ማግኘት የሚቻለው ቡሬ ካለው የስልክ ኩባንያው አገልግሎት ማዕከል በመታወቂያ ነው። ወንድሜ ፍላጎቴ ገብቶታል። ማዕከሉ ውስጥ ለእናታችን ወንበር ፈልጎ ሰጣቸውና እኔን ዞር ብሎ አየኝ።

«ለዜና ነው?»

«ለእናቴ ነው።»

«እኔንም ትጠይቀኛለህ ወይስ በወረቀቱ ብቻ ነው የምትሠራ?»

«ወረቀቱ ይቅደም።»

«እሺ። እኔ መጋዘን ነኝ። ፎቶ ካነሣኸኝ ግን በቀኝ በኩል አድርገው» ብሎ ሄደ።

ዝርዝሩ ታተመልን። እናቴን ይዤ ወደ ወንድሜ መጋዘን ሄድን፤ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ነው። እሱ ደጅ ላይ ጫኞችን ያዛል፤ እኛ ውስጥ በበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር ሄድኩበት።

ሦስት መቶ ገብቷል። ሁለት መቶ ዘጠና ወጥቷል። የማውጫ ክፍያ ሰባት ብር። ቀሪ ሦስት ብር። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ፣ ቀሪ ስድስት ብር። የሚቀጥለውም፣ ቀሪ ዘጠኝ።

ያልጠበቅሁት ይህ ነበር። እናቴ ሦስት መቶ ብር ገብቶላቸው ሦስት መቶ ብር ማውጣት አይችሉም ነበር። ሲያወጡ ሰባት ብር ስለሚቆረጥ ከሁለት መቶ ዘጠና ሦስት በላይ አይወጣላቸውም። ወኪሉ ደግሞ ዝርዝር ሳንቲም ስለሌለው በአሥር የሚከፈለውን ብቻ ያወጣላቸዋል፤ የቀደመውን ቀሪ የሚያይ ስለሌለ ሁልጊዜም ሁለት መቶ ዘጠና። እኔ ሦስት መቶ ብዬ ስልከው፣ በላዩ ሰባት ብር ብጨምርበት ሦስት መቶው ሙሉ ይወጣ ነበር። አልጨመርኩም። ሦስት መቶ ለእኔ ክብ ቁጥር ነበር።

«እማ፣ ስልክዎ ውስጥ መቶ ሠላሳ ሁለት ብር አለ» አልኳቸው።

«የማን ብር?»

«የርስዎ። ከየሳምንቱ የቀረ ሦስት ሦስት ብር ነው።»

ስልኩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡና አገላብጠው አዩት። «እና ዝም ብሎ እዚህ ውስጥ ተኝቷል?»

«ተኝቷል።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ይነግርዎታል። መጨረሻው መስመር ላይ ተጽፏል።»

«መጨረሻውን መስመር ማንም አያነብልኝ» አሉ።

ደጅ ያለው ወንድሜ ሰምቷል። ሳቁን ሰማሁ።

ስሌቱን ቀጠልኩ። የማውጫው ክፍያ ሰባት ብር፣ አርባ አራት ጊዜ፣ ሦስት መቶ ስምንት ብር። ስልክ ውስጥ የቀረው መቶ ሠላሳ ሁለት። ሁለቱ ሲደመሩ አራት መቶ አርባ። ጉድለቱ ግን ስምንት መቶ ሰማንያ ነው። ግማሹ ብቻ ነው የተገኘው። በወረቀቱ መሠረት እናቴ እጅ አሥራ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ብር መግባት ነበረበት፤ ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው አሥራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ነው። ሌላ አራት መቶ አርባ ጎድሏል። በአርባ አራት ሲካፈል ልክ አሥር ብር ይወጣል፤ በየቅዳሜው አሥር ብር። የስልክ ኩባንያ ያልቆረጠው፣ ወረቀት ላይ የሌለ አሥር ብር።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ደጅ የቆመውን ወንድሜን ጀርባ አየሁት፤ ሰፊ ነው። ለምሳው፣ ለነዳጁ፣ ለሲጋራው አሥር ብር በየሳምንቱ ከእኔ ብር ሲነሣ ታየኝ። ሲጋራ አያጨስም።

«እማ፣ ወኪሉ ስንት ብር ነው የሚቆጥርልዎት?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«በእጅዎ ነው የሚሰጥዎት? ወይስ ለእሱ ሰጥቶት እሱ ነው የሚሰጥዎት?»

እናቴ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ የምትጠይቀኝን አውቄዋለሁ» አሉ። «ሂድና ወኪሉን ራሱን ጠይቀው።»

ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ሄድን። እናቴ መሃል ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ ወንድሜ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ ዋጋ አወራ፤ እናቴ መለሱለት። በመንገዱ ዳር ያለው ማሳ ሁሉ ታርሶ ለስልሶ ዘር እየጠበቀ ተኝቷል። የገበያው ሰው ገና አልተበተነም ነበር።

ወኪሉ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ጸጉሩን በደንብ የተስተካከለ ሰው ነው። የታሪፉ ሠንጠረዥ ከኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከመቶ አንድ እስከ ሦስት መቶ ለሚያወጣ ክፍያው ሰባት ብር፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ሌላ እርከን፣ ከሺህ አንድ እስከ ሺህ አምስት መቶ ለሚያወጣ አሥራ ስድስት ብር። ሠንጠረዡን አንብቤ ስጨርስ ጠየቅሁት።

«ሁለት መቶ ዘጠና ስታወጣላቸው ስንት ትሰጣቸዋለህ?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ» አለ፤ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«አሥሩስ?»

«የብር ማምጫ ነው።»

«ይህ እዚያ ግድግዳው ላይ የለም።»

«የለም። ብሩም እዚህ የለም። ካሽ ስጨርስ ቡሬ ድረስ ሄጄ ነው የማመጣ። ባጃጁን ማን ይከፍልልኛል? ኮሚሽኑ አያወጣኝም።»

«አይፈቀድም እኮ።»

«እሺ፣ አይፈቀድም። ካልፈለጉ ቡሬ ይውጡ፣ እዚያ አሥር አይባሉም። የባጃጁን ሂሳብ ግን ይያዙት።» ወደ እናቴ ዞረ። «እማማ፣ ሳልነግርዎት ወስጄብዎት አውቃለሁ?»

«ነግሮኛል» አሉ እናቴ። «መጀመሪያ ቀን ነው የነገረኝ። ወንድምህ ደግሞ ተጣልቶታል።»

«ተጣልተን ነበር» አለ ወኪሉ። «ሁለት ሳምንት አላነጋገረኝም። ብሩን ግን እዚሁ ነበር የሚያስወጣ።»

ወንድሜ በሱቁ በራፍ ላይ ተደግፎ የአንድ ገበሬ በቆሎ በጥርሱ እየሰበረ ድርቀቱን ይፈትሽ ነበር። አላየኝም። ማየት አላስፈለገውም።

ሂሳቡ ተገጣጠመ። ሰባት የማውጫ፣ ሦስት የቀረ፣ አሥር የወኪሉ። ሃያ ብር በየቅዳሜው፤ በአርባ አራት ስምንት መቶ ሰማንያ። አንድ ብር አልጎደለም። ብዙ ዘገባ ሠርቻለሁ፤ ቁጥሩ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ አውቀዋለሁ። ያን ቀን አልተሰማኝም። ተጠርጣሪዬ ነጻ ወጥቷል፤ ቅር ብሎኝ ነበር።

ወደ እናቴ ቤት በእግር ሄድን። ምሳ ቀርቦ እጃችንን ስንታጠብ ጠየቅሁት።

«አሥር ብሩን እያየህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሃለሁ። በጥቅምት ይሁን በኅዳር፣ ጋሼ በወር አንዴ ላከው ይሻላል ብዬሃለሁ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

አላስታወስኩም። እናቴ አስታወሱ።

«‹አንተስ ለምን በየሳምንቱ ትሄዳለህ?› ብለኸው ነበር» አሉ። «እዚሁ ቁጭ ብለን። ስልኩ ጮክ ብሎ ነበር የሚያወራ።»

ወንድሜ እንጀራውን ጠቀለለ። «እኔ ነጋዴ ነኝ። ክፍያውን አየዋለሁ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር በአንድ ጊዜ ሲወጣ አሥራ ስድስት ብር ነው። አንተ አራት ጊዜ ከፋፍለህ ሃያ ስምንት ታስከፍላታለህ። ወኪሉ አሥር ብሩን የሚወስደው በተወጣ ቁጥር ነው፤ በብሩ መጠን አይደለም። አንድ ጊዜ ብትልክ አሥር ነው፤ አራት ጊዜ ብትልክ አርባ።» ጠቅልሎ የያዘውን ለእናታችን አጎረሳቸው። «ግን ጋሼ ቅዳሜ ይወዳል።»

«ቅዳሜ ምን አለ?» አሉ እናቴ።

«ቅዳሜ እኔ አለሁ።»

እናቴ አላመጡና ዋጡ። ፊታቸው ላይ ሳቅ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ለማረጋገጥ አልሞከርኩም።

ከምሳ በኋላ የተባለውን በወረቀት አስላሁት። አሥራ ሦስት ሺህ ሁለት መቶውን በሺህ ሁለት መቶ ብልከው አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ከባንክ ማውረጃው አምስት፣ መላኪያው ስድስት፣ ማውጫው አሥራ ስድስት፣ የወኪሉ አሥር፤ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሰባት ብር፣ በዓመት አራት መቶ ሰባት። እኔ ያደረግሁት በአንድ ጊዜ አምስት፣ ሦስት፣ ሰባት፣ አሥር፤ ሃያ አምስት ብር ነው። ሃያ አምስት ከሠላሳ ሰባት ያንሳል። በአርባ አራት ሲባዛ ግን ሺህ አንድ መቶ ብር ነው። ልዩነቱ ስድስት መቶ ዘጠና ሦስት ብር ነው፤ ከሁለት ቅዳሜ በላይ። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ወንድሜ ትክክል ነበር።

«ከዚህም ይቀንሳል» አልኩ፤ እሱ ያላለውን ለማግኘት እየፈለግሁ። «ማኅበሩ ከዘንድሮ ጀምሮ በስልክ ክፍያ ይቀበላል፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ለማኅበሩ በቀጥታ ሲከፈል ከፋዩ አይቆረጥበትም። ብሩን ማውጣት አያስፈልግም። የማውጫው አሥራ ስድስትም የወኪሉ አሥርም ይቀራል።»

ወንድሜ ቀና አለ። «እሱንስ አላውቅም ነበር» አለ።

ይህችን ቃል ለእናታችን ጮክ ብሎ እንዲደግምላቸው ፈልጌ ነበር። አልደገመውም።

እናቴ ሁለታችንንም ሰምተው ሲጨርሱ ብይናቸውን ሰጡ። «እንግዲያው በወር አንዴ ላክ። በስልኬ ይቀመጥ። ማኅበሩ ጋ እኔው እከፍላለሁ። በወንድምህ እጅ የሚለውን ትቼዋለሁ።»

የፈለግሁትን አገኘሁ። ብሬ በወንድሜ እጅ አያልፍም።

«አንድ ነገር አለ» አልኩ። «የሚስጥር ቁጥርዎን እሱ ያውቀዋል። ለማንም መነገር የለበትም፤ ለልጅም ቢሆን።»

«እውነቱን ነው» አለ ወንድሜ፤ ሳይከፋው። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ አይከፋውም። «ይቀየር። ግን አንተም አታየውም።»

እናቴ ቁጥር ያውቃሉ፤ ከስልኩ ላይ ለይተው ይነካሉ። ከዝርዝሩ የትኛውን ቁጥር እንደሚመርጡ እኔ ነገርኳቸው። አራቱን አሃዝ የሚያስገቡበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «ዙሩ» አሉን። ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። ከኋላችን ቁልፎቹ ሲነኩ ተሰማ፤ ቲክ፣ ቲክ። መሃል ላይ ቆሙ።

«አባታችሁ የሞተበት ዓመት ይሆናል?» አሉ።

«አይንገሩን እማ» አልን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ።

«ውይ። እንግዲህ ሌላ ላስብ» አሉ። እኛ ግድግዳውን እያየን ነው። ወንድሜ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«አሁን የእኔን ልደት ነው የምታስገባ» ብሎ አንሾካሾከ።

የእኔም ሊሆን እንደሚችል አሰብኩ፤ ከፍኖተ ሰላም ሆኜ ዛሬም አልፎ አልፎ አስበዋለሁ። የማጣራበት መንገድ የለኝም።

በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ለእናቴ ስልክ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ላክሁ። ከባንክ ሳወርድ አምስት ብር፣ ለመላኪያው ስድስት ብር ተቆረጠብኝ። ማታ ደውዬ ጠየቅኋቸው፤ ብሩ አልወጣም፤ ከነበረው መቶ ሠላሳ ሁለት ጋር ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሆኖ ተቀምጧል። ቀሪውን ያነበበላቸው ወንድሜ ነበር፤ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው መስመር። ከዚያ በኋላ በነበሩት የሰኔ ቅዳሜዎች አልላክሁም። በእያንዳንዳቸው ማታ ደውዬያለሁ። ወንድሜ በሁሉም ምሳውን የበላው እናታችን ቤት ነው።